የፌስቲቫልና የሽልማት ዝርዝር አይቶ ፊልም መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ፊልም የሚመርጠው "ተሸልሟል" የሚለውን ቃል ሰምቶ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ቃሉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማን መረጠው? ከምን መካከል? በምን ዓይነት ድምፅ አሰጣጥ? እነዚህን ያወቀ ሰው ከሽልማት ዝርዝር ብዙ ያገኛል። ያላወቀ ደግሞ ለእሱ ያልተሠራ ፊልም ፊት ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ለምሳሌ የሚሆኑን በአብዛኛው ሦስት የእኛ ፊልሞች ናቸው፦ "ጤዛ"፣ "ድፍረት" እና "ላምብ"። ሦስቱም በትልልቅ ፌስቲቫሎች ስማቸው ተጠርቷል። ያገኙት ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖስተር ላይ ያለው የቅጠል ምልክት ሽልማት ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ግራና ቀኝ በታጠፉት ሁለት ቅርንጫፎች መካከል የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። "ኦፊሻል ሴሌክሽን" የሚል ከሆነ ፊልሙ በፌስቲቫሉ ላይ እንዲታይ ተመርጧል ማለት ነው፤ አሸንፏል ማለት አይደለም። "ኖሚኒ" ካለ ለሽልማት ታጭቷል። "ዊነር" ካለ አሸንፏል። እዚህ ላይ ግን በየትኛው ዘርፍ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአልባሳት ያሸነፈ ፊልም "ዊነር" የሚለውን በትልቁ፣ ዘርፉን በትንሹ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም።

ይህን ስል መመረጥን ማሳነሴ አይደለም። እንደ ካን ወይም ሰንዳንስ ያለ ፌስቲቫል በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች ይቀርቡለታል፤ የሚመርጠው ጥቂቱን ነው። እዚያ መመረጥ ብቻውን፣ የቀረበለትን ሁሉ የሚያሳይ ፌስቲቫል ላይ አንደኛ ከመውጣት ይበልጣል። ስለዚህ ከቅጠሉ በፊት የፌስቲቫሉን ስም እዩ።

የተመልካች ሽልማትና የዳኞች ሽልማት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ለመምረጥ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ልዩነት ይህ ይመስለኛል። የዳኞች ሽልማት የሚሰጠው ጥቂት የሙያ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተከራክረው ነው። የተመልካች ሽልማት ደግሞ ትኬት ይዘው የገቡ ሰዎች ፊልሙን እንዳዩ ከሚሰጡት ድምፅ ይመጣል።

በጣም ግልጽ የሆነ ምሳሌ አለን። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ "ድፍረት" በጥር 2014 አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ። የተወዳደረው ከአሜሪካ ውጭ ለተሠሩ ልብ ወለድ ፊልሞች በተዘጋጀው ምድብ ነው። የተመልካቹን ሽልማት ወሰደ። በዚያው ምድብ የዳኞቹ ታላቅ ሽልማት የሄደው ግን ለሌላ ፊልም ነው፤ "ቱ ኪል ኤ ማን" ለተባለ የቺሊ ፊልም።

የሚገርመው ሁለቱ ፊልሞች የተነሱበት ጉዳይ ይቀራረባል። በ"ድፍረት" ውስጥ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ አንዲት የሕግ ባለሙያም ትቆምላታለች። በቺሊው ፊልም ውስጥ ደግሞ ጎረምሶች ቤተሰቡን የሚያስጨንቁበት አባት አለ። ሕግ አልደረሰለትም፤ በመጨረሻም ራሱ ይገድላል። በሁለቱም ሕግ ያልደረሰለት ሰው እጁን ያነሳል። አነጋገራቸው ግን ለየቅል ነው። "ድፍረት" ጠበቃ አለው፣ ክርክር አለው፣ ተመልካቹ የሚደግፈው ሰው አለው። የቺሊው ፊልም ቀዝቃዛና ዝምተኛ ነው፤ ከአባትየው ጎን በሙሉ ልብ እንድትቆም አይፈቅድልህም። ተመልካቹ የመጀመሪያውን መረጠ፤ ዳኞቹ ሁለተኛውን። ማንም አልተሳሳተም። የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

"ድፍረት" ከአንድ ወር በኋላ በርሊን ሄዶ ፓኖራማ በተባለው ክፍል እንደገና የተመልካች ሽልማት አገኘ። በሁለት ሀገር፣ በሁለት የተለያየ ሕዝብ ፊት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ሳይ ያን ፊልም ከቤተሰብ ጋር ለማየት አላመነታም፤ ሰው የሚይዝ ታሪክ እንዳለው እርግጠኛ እሆናለሁ።

ታዲያ የተመልካች ሽልማት መቼ ያሳስታል?

ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ተመልካቹ ፊልሙን መርጦ የገባ ሰው ነው። ርዕሰ ጉዳዩ የማይስበው ሰው ድሮውንም አልገባም። ዳይሬክተሩና ተዋንያኑ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ከፊልሙ በኋላ መድረክ ላይ ወጥተው ይናገራሉ፤ ሰው ያጨበጭባል። በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኖ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ሆነን ስናየው ያ ሁሉ የለም።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይመለከተናል። የየት ሀገር ተመልካች ነው? ለሰንዳንስ ተመልካች ጠለፋ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች አይደለም። ለውጭ ሰው ልማዱን ለማስረዳት የገቡ ንግግሮች እኛን ሊያንቀራፍፉን ይችላሉ። በአንጻሩ የውጭው ሰው የማያስተውለውን እኛ እናያለን፤ የሽማግሌዎቹን አቀማመጥ፣ የአባትየውን ዝምታ። ስለዚህ ፊልሙ የተሸለመው ስለ እኛ ሲሆን፣ ግን በእኛ ካልሆነ፣ ሽልማቱን ለታሪኩ ጉልበት ምስክር አድርጌ እወስደዋለሁ። ለእውነተኛነቱ ምስክር አድርጌ ግን አልወስደውም። ያንን እኛው ነን የምንፈርደው።

"ካን ላይ ታየ" የሚባለው ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በየግንቦቱ ፈረንሳይ ውስጥ ካን ከተማ አንድ ፌስቲቫል ብቻ አይደለም ያለው። ዋናው ውድድር አለ፤ ሃያ ያህል ፊልሞች ለወርቃማው ዘንባባ ማለትም ለፓልም ዶር የሚፎካከሩበት። ከእሱ ጎን "አን ሰርተን ረጋርድ" የሚባል ሌላ ምድብ አለ፤ እሱም የፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ነው፣ የራሱ ዳኞችና የራሱ ሽልማት አለው። ከፌስቲቫሉ ውጭ ሆነው በዚያው ሳምንት የሚካሄዱ ሁለት የታወቁ ዝግጅቶችም አሉ። አንዱን የፈረንሳይ ዳይሬክተሮች ማኅበር ያዘጋጀዋል፤ ሌላውን የፈረንሳይ የፊልም ሃያሲያን። የሃያሲያኑ ሳምንት የዳይሬክተሮችን የመጀመሪያና ሁለተኛ ፊልም ብቻ ነው የሚያሳየው። አዲስ ሰው ማግኘት የሚወድ ተመልካች ያንን ዝርዝር ቢከታተል አይቆጭም።

የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" በ2015 የታየው በአን ሰርተን ረጋርድ ነው። በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። ታሪኩ በጉን ስለሚወድ፣ ምግብ ማብሰል ስለሚያስደስተው ትንሽ ልጅ ነው። ሽልማት አላገኘም። የዚያ ዓመት የምድቡ ሽልማት የሄደው ለአይስላንዱ "ራምስ" ነው፤ እሱም ስለ በጎችና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ፊልም። እንግዲህ "ላምብ" ላይ ያለው የካን ምልክት የመመረጥ ምልክት ነው፤ ይህ ምድብ የሚያዘነብልለትን ዓይነት ፊልም እንደሆነም ይነግረናል። ጸጥ ያለ፣ ለመልክዓ ምድርና ለሰው ፊት ጊዜ የሚሰጥ፣ ለመሮጥ የማይቸኩል። እንዲህ ያለ ፊልም የሚወድ ሰው ምልክቱን ይመነው። ፈጣን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በምልክቱ ብቻ አይግባ።

አሁን ወደ አሳሳቹ ነገር። ፌስቲቫሉ በሚካሄድበት ጊዜ እዚያው የፊልም ገበያ አለ። ፕሮዲዩሰሮችና አከፋፋዮች የሚገናኙበት ነው። በገበያው ውስጥ ክፍያ ፈጽሞ አዳራሽ ይዞ ፊልሙን ለገዢዎች ማሳየት ይቻላል። ማንም አይመርጠውም፤ ማንም አይጥለውም። ከዚያ በኋላ "ካን ላይ ታየ" ብሎ መናገር በቃል ደረጃ ውሸት አይደለም። ለተመልካች ግን ስለ ፊልሙ ጥራት ምንም አይነግርም። ለመለየት ቀላል ነው፦ የምድቡን ስም ፈልጉ። ምድቡ ካልተጠቀሰ፣ ወይም ፌስቲቫሉ ይፋ ባደረገው የዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ ፊልሙ ከሌለ፣ የታየው በገበያው ሳይሆን አይቀርም።

ዳኞች አንደኛ ያሉት ፊልም በእርግጥ ከሁሉም የሚበልጠው ነው?

ዳኞቹ በጣም ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ በካን ዋና ውድድር ዘጠኝ ናቸው። በየዓመቱም ይለወጣሉ። የዘንድሮዎቹ የወደዱትን የአምናዎቹ ላይወዱት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሽልማቱ የአንድ ቡድን ስምምነት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሽልማቶቹን የሚያከፋፍል ደንብ አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም እሱን ነው።

2008ን እንውሰድ። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በጣሊያኑ የቬኒስ ፌስቲቫል ዋና ውድድር ውስጥ ነበር። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነው። ዋናው ሽልማት፣ ወርቃማው አንበሳ፣ ለአሜሪካው "ዘ ሬስለር" ተሰጠ። የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ ሚኪ ሩርክ በብዙዎች ተደንቆ ነበር፤ ነገር ግን በቬኒስ ደንብ ዋናውን ሽልማት ያገኘ ፊልም የትወና ሽልማት መደረብ አልቻለም። ቬንደርስ ደንቡ እንዳላስደሰተው ሽልማቱ በሚሰጥበት መድረክ ላይ ተናግሯል። የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማት ለጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኦርላንዶ ሄደ። ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው "ኦርላንዶ ሩርክን በለጠ" ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ሩርክ ከውድድሩ ውጭ ሆኖ ነበር። ካንም ተመሳሳይ ዓይነት ደንብ አለው፤ ወርቃማውን ዘንባባ የወሰደ ፊልም ብዙውን ጊዜ ሌላ አይጨመርለትም።

በዚያው ምሽት "ጤዛ" ሁለት ሽልማት ወሰደ፦ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን። የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲባል ብዙ ሰው "ሁለተኛ ወጣ" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ይህን ሽልማት ከብዙ አንደኞች በላይ አምነዋለሁ። አንደኛው ሽልማት ላይ አብዛኛው ዳኛ መስማማት አለበት፤ ብዙዎችን የሚያስማማ ፊልም ደግሞ ሁልጊዜ ደፋሩ አይደለም። ልዩ ሽልማቱ ብዙ ጊዜ ለጠንካራና ለተለየ ፊልም ይሄዳል፤ አንዳንድ ዳኞች አጥብቀው የቆሙለት ሊሆን ይችላል።

የድርሰት ሽልማቱም ይናገራል። "ጤዛ" ከጀርመን የተመለሰ ሐኪም የአንበርብር ታሪክ ነው። ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ገጠር፣ አዲስ አበባ፣ ጀርመን፣ የደርግ ዘመን፣ ሁሉም ይደባለቃሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ድርሰቱ መሸለሙ ይህ መደባለቅ ታስቦበት የተሠራ እንደሆነ ይጠቁመናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ግራ ቢገባችሁ ቶሎ አትዝጉት፤ ከልጆች ጋር ወይም ሥራ ደክሟችሁ ሳለ ግን አትክፈቱት።

በሚቀጥለው ዓመት 2009 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ፌስፓኮ "ጤዛ" ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ አሸነፈ። እዚያ የሚወዳደሩት የአፍሪካ ፊልሞች ናቸው። የመፈንቅለ መንግሥትን፣ ውጭ ተምሮ የመመለስን ጣጣ ከቅርብ የሚያውቅ ተመልካች ነው ያለው። አንድ ፊልም በቬኒስም፣ ፌስፓኮ በሚካሄድባት በዋጋዱጉም ሲከበር በጣም የተለያዩ የሁለት ዓይኖችን ፈተና አልፏል ማለት ነው። ከአንድ ቦታ ከሚመጡ አሥር ቅጠሎች ይህ ይበልጥብኛል።

"ፊልማችን ለኦስካር ታጨ" የሚለውን ዜና እንዴት ልረዳው?

አብዛኛውን ጊዜ ዜናው የሚናገረው ስለ መላክ ነው፤ ስለ መታጨት አይደለም። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሀገሩ ኮሚቴ አንድ ፊልም መርጦ ይልካል። ከሰማንያ በላይ ሀገሮች ይልካሉ። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱ ለቀጣዩ ዙር ያልፋሉ። ከአሥራ አምስቱ አምስቱ ይታጫሉ። ከአምስቱ አንዱ ያሸንፋል። "እጩ" የሚባለው ትክክለኛ ስም ለእነዚያ አምስት ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ "አትሌቱ" በ2010፣ "ድፍረት" በ2014፣ "ላምብ" በ2015 ተልከዋል። አንዳቸውም አልታጩም። መላካቸው ግን የሀገር ውስጥ ኮሚቴ ለውጭ የሚመጥን ነው ብሎ የመረጣቸው መሆኑን ይነግረናል፤ እሱም ዋጋ አለው።

በዚህ ዘርፍ ትልቁ አሳሳች ነገር የአንድ ሀገር አንድ ፊልም ደንብ ነው። 2023ን እዩ። የፈረንሳዩ "አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል" በካን ወርቃማውን ዘንባባ አሸነፈ። የፈረንሳይ ኮሚቴ ግን ሌላ ፊልም ላከ፤ "ዘ ቴስት ኦፍ ቲንግስ" የተባለውን የማብሰል ጥበብና የፍቅር ታሪክ። የተላከው ሳይታጭ ቀረ። ያልተላከው ደግሞ በሌሎች ዘርፎች አምስት እጩነት አገኘ፤ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ጭምር። በመጨረሻም የድርሰት ኦስካር ወሰደ። የዓለም አቀፍ ፊልም እጩዎችን ዝርዝር ብቻ የተከተለ ሰው ከዓመቱ ታላላቅ ፊልሞች አንዱን አያገኘውም ነበር።

የቋንቋ ደንብም አለ። ከንግግሩ ከግማሽ በላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆን አለበት። ናይጄሪያ በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የላከችው "ላየንሃርት" በዚህ ምክንያት ከውድድሩ ወጣ፤ አብዛኛው ንግግር በእንግሊዝኛ ነበርና። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ለሚነገርባቸው የአፍሪካ ሀገሮች ይህ ከባድ ደንብ ነው። ፊልም ከዝርዝር ሲጠፋ ሁልጊዜ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

የምርጥ ፊልም ኦስካር ያገኘ ፊልም ለምን አንዳንዴ "ደህና ነው፣ ግን…" ያሰኛል?

መልሱ ድምፅ አሰጣጡ ውስጥ ነው። በሌሎቹ የኦስካር ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በምርጥ ፊልም ግን መራጩ አሥሩን እጩዎች ከአንደኛ እስከ አሥረኛ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ የአንደኝነት ድምፅ ያገኘ ከሌለ፣ ትንሹን ያገኘው ፊልም ይወጣና ድምፁ መራጮቹ ሁለተኛ ላሉት ይተላለፋል። አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል።

በቁጥር እንየው። መራጮቹ መቶ፣ ፊልሞቹ ሦስት ናቸው እንበል። ፊልም ሀ አርባ ሰዎች አንደኛ አሉት። ፊልም ለ ሠላሳ አምስት። ፊልም ሐ ሃያ አምስት። ማንም ሃምሳን አላለፈም። ሐ ይወጣል። ከሐ ሃያ አምስት ደጋፊዎች ሃያዎቹ ሁለተኛ ያደረጉት ለን ነው፤ አምስቱ ሀን። አሁን ለ ሃምሳ አምስት፣ ሀ አርባ አምስት ሆኑ። ለ አሸነፈ። ሀ ግን በመጀመሪያው ቆጠራ ብዙ ሰው ከልቡ የወደደው ነበር። ይህ አሠራር ብዙ ሰው "አልጠላሁትም" የሚለውን ፊልም ይጠቅማል፤ ግማሹ የሚያብድለትን፣ ግማሹ የሚሸሸውን ይጎዳል።

በ2022 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት "ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ" በአሥራ ሁለት ዘርፎች ታጭቶ የምርጥ ዳይሬክተርን ብቻ ወሰደ። ምርጥ ፊልም የሆነው በሦስት ዘርፎች ብቻ የታጨው "ኮዳ" ነው፤ መስማት ስለተሳነው ቤተሰብና ስለ ዘፋኝ ልጃቸው የሚናገር ልብ የሚያሞቅ ፊልም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የድምፁን ቁጥር አያሳትምም፤ ስለዚህ በትክክል ምን እንደተፈጠረ መናገር አይቻልም። ቢሆንም የሁለቱ ፊልሞች ጸባይ ከላይ ካሰላነው ጋር ይገጥማል። ለእኔ ትምህርቱ ይህ ነው፦ የተለየ ነገር ስትፈልጉ ከምርጥ ፊልም ይልቅ የምርጥ ዳይሬክተርን ዝርዝር እዩ። ብዙ ሰው አብሮ ለሚያይበት ምሽት ደግሞ ምርጥ ፊልም የሆነው አያሳፍርም።

ሌላም ነገር አለ። መራጮች የታጩትን ሁሉ አይተው እንዲመርጡ ግዴታ የሆነው ከ2026ቱ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያላየውም መምረጥ ይችል ነበር። ትልቅ የማስታወቂያ በጀት ያላቸው ፊልሞች ለምን እንደሚቀናቸው ይህ በከፊል ያስረዳል።

ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ፌስቲቫሎች የሰጡት ሽልማትስ?

አንዳንዶቹ ትንሽ ግን እውነተኛ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን የመመዝገቢያ ክፍያ ሰብስበው ምልክት የሚልኩ ናቸው። ለመለየት ጥቂት ነገር ማየት ይበቃል። በየወሩ አሸናፊ ያውጃል? ሕዝብ የሚገባበት አዳራሽ አለው ወይስ ሁሉም በኢንተርኔት ነው? ዳኞቹ በስም ተጠቅሰዋል? ዘርፎቹ ስንት ናቸው? ለአንድ ዙር በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ዘርፍ ካለ፣ የመዘገበ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ፖስተር ላይ አሥራ አምስት ቅጠል አይቼ አንዱንም ስም ካላወቅሁት፣ ቅጠሎቹን ትቼ የፊልሙን ማስታወቂያ ሁለት ደቂቃ አያለሁ።

ፊልም ሠሪዎቹን መውቀስ አልፈልግም። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከኪሳቸው ከፍለው እውነተኛ መስሏቸው የገቡ።

የሀገር ውስጥ ሽልማቶችን እንዴት ልያቸው?

በ1974 በተሠራው ፊልም ስም የተሰየመውን ጉማን የመሰሉ የሀገር ውስጥ ሽልማቶች ሌላ ሥራ ይሠራሉ። የአማርኛ ንግግሩን፣ ቀልዱን፣ ትወናውን የሚሰሙ ዳኞች ናቸው። የውጭ ዳኛ ትርጉም እያነበበ የሚያመልጠውን እነሱ ይይዙታል። ስለዚህ ለትወናና ለድርሰት የሀገር ውስጥ ሽልማትን አስቀድማለሁ። ድክመቱ፣ ውድድሩ በዚያው ወቅት በወጡት ፊልሞች መካከል መሆኑ ነው። ደካማ ዓመትም "ምርጥ ፊልም" ይኖረዋል። ያሸነፈውን ብቻ ከማየት አብረውት የታጩትንም ማወቅ ይረዳል።

እሺ፣ ዛሬ ማታ ከዝርዝር ፊልም እንዴት ልምረጥ?

መጀመሪያ ምን ዓይነት ምሽት እንደሆነ ወስኑ። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ካለ የተመልካች ሽልማቶችን ዝርዝር ክፈቱ። የቶሮንቶ ፌስቲቫል ዋና ሽልማት ራሱ የተመልካች ነው፤ ለዚህ ይመቻል። ብቻችሁን ከሆናችሁና ትዕግሥት ካላችሁ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወይም አን ሰርተን ረጋርድን እዩ። ጥሩ ታሪክ ከሆነ የፈለጋችሁት የድርሰት ሽልማት ያገኙትን። አዲስ ዳይሬክተር ከሆነ ካሜራ ዶርን፤ በካን ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጥ ሽልማት ነው።

ከዚያ ያንን ዝርዝር ፈትኑት። ከአንድ ምድብ፣ ከተለያዩ ዓመቶች፣ ከዚህ በፊት ያያችኋቸውን ሦስት አራት ፊልሞች ፈልጉ። አብዛኞቹን ከወደዳችኋቸው የመራጮቹ ጣዕምና የእናንተ ይገጥማል፤ ያላያችኋቸውን ከዚያ ምረጡ። ካልወደዳችኋቸው ምድቡ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው ለእናንተ አይደለም። ይህ ከየትኛውም የሽልማት ክብደት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

አሸናፊውንም ብቻ አትዩ። በ2015 አን ሰርተን ረጋርድ አሸናፊውን ብቻ ያየ ሰው "ላምብ" ያመልጠዋል።

የተባለለትን ፊልም ፈልጌ ለምን አጣዋለሁ?

ፊልም ፌስቲቫል ላይ ከታየ በኋላ አከፋፋይ እስኪያገኝ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃል። አንዳንዱ ጨርሶ አያገኝም። በሌላ ምክንያትም ይዘገያል፤ "ድፍረት" በመስከረም 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሞ ነበር። ኃይሌ ገሪማ በበኩሉ ፊልሞቹን በራሱ ድርጅት ነው ያከፋፈለው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ያለው "ሳንኮፋ" የመጽሐፍና የፊልም ቤቱም የዚያው ሥራ አካል ነው። ስለዚህ የእሱ ፊልሞች በትልልቆቹ የኢንተርኔት ፊልም አቅራቢዎች ላይ ከጠፉ እዚያ ጠይቁ።

ስትፈልጉ በርዕስ ብቻ አትፈልጉ። አንድ ፊልም በየሀገሩ የተለያየ ርዕስ ይሰጠዋል፤ ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸውም ብዙ ናቸው። "ላምብ" የሚል ስም ያለው ሌላ ፊልም በ2021 ከአይስላንድ መጥቶ እሱም በአን ሰርተን ረጋርድ ታይቷል፤ ለልጆች ፈጽሞ የማይሆን አስፈሪ ፊልም ነው። የዳይሬክተሩን ስምና ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ።